የታካሚው ቃልና ማዘዣው ሲለያዩ፦ የመግቢያ ቀን የመድኃኒት ማስታረቂያ ማስታወሻ አጻጻፍ

በዋርድ ካርዶች ላይ አዘውትራ የምትገኝ አጭር መስመር አለች፦ «መድኃኒት አቋርጠዋል»። የልብ ድካም ያለባቸው እናት ትንፋሽ አጥሯቸው፣ እግራቸው አብጦ ይገባሉ። ተረኛው ሐኪም ይህችን መስመር ይጽፍና ከሥሯ የመጨረሻውን ማዘዣ እንዳለ ይገለብጣል። መስመሯ ሐሰት ላትሆን ትችላለች። ግን የትኛውን መድኃኒት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ምክንያት የሚለውን አትናገርም። የዛሬውን መጠን ለመወሰን የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነው።

ይህ መመሪያ ታካሚ ተኝቶ እንዲታከም ሲወሰን ፋርማሲስቱ ስለሚጽፈው የመድኃኒት ማስታረቂያ ማስታወሻ፣ በሥራ ላይ ሜዲኬሽን ሪኮንሲሌሽን ስለምንለው ነው። ከሥራው ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ይዣለሁ፦ ታካሚው «የምወስደው ይህን ነው» ያለውና የታዘዘለት ሳይገጥሙ ሲቀሩ ልዩነቱን እንዴት አብራርተን እንጽፋለን? የሆስፒታል ካርድ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ የናሙናውን ይዘት ወደዚያው ማዛወር የእናንተ ሥራ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ታካሚዋ የአንድ ሰው ታሪክ አይደሉም፤ በሰሜን ሸዋ ዋርዶች ደጋግሞ የሚያጋጥመውን ሰብስቤ ያቀናበርኳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው 62 ነው፣ የመጡት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። መጋቢት 20 ጠዋት ደብረ ብርሃን ውስጥ ተኝተው እንዲታከሙ ተወሰነ። ከዚህ በፊት በተነሣ ኢኮ የልባቸው ደም የመግፋት አቅም 35 በመቶ ነበር። የዛሬው የደም ግፊታቸው 148/90፣ የልብ ምታቸው በደቂቃ 106 ነው። ክሬያቲኒናቸው ታኅሣሥ ላይ 0.9 የነበረው ዛሬ 1.5 ሆኗል፤ ፖታሲየም 5.3 ነው።

አንደኛ፦ ማዘዣውን በቀኑ ሰብስቡ

ወደ አልጋው ከመሄዳችሁ በፊት የታዘዘው ምን እንደሆነ ከወረቀት እወቁ። የክትትል ካርዱን፣ የመጨረሻውን የመውጫ ማጠቃለያ ካለ እሱን፣ ከፋርማሲው ደግሞ የተሰጠበትን መዝገብ ተመልከቱ። የታዘዘና የተሰጠ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪሙ አራት መድኃኒት ጽፎ ፋርማሲው ሦስት ብቻ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በክትትል ካርዱ ላይ አይታይም፣ በፋርማሲው መዝገብ ላይ ግን ይታያል። የጤና መድን ተጠቃሚ ከሆኑ ደግሞ «የለም» ተብሎ ወደ ውጭ መድኃኒት ቤት የተላከውን የማዘዣ ወረቀት ቤተሰብ ኪስ ውስጥ ታገኙት ይሆናል።

የኛ ታካሚ የመጨረሻ ክትትል የካቲት 10 ነበር፣ ለሁለት ወር። የታዘዘላቸው ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ፣ ኢናላፕሪል 10 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ፣ ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊ ግራም በቀን 1 ጊዜ፣ ረጅም ጊዜ የሚሠራው ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት 100 ሚሊ ግራም በቀን 1 ጊዜ ነው። የፋርማሲው መዝገብ የሚያሳየው ግን ሦስቱን ብቻ ነው። ሜቶፕሮሎሉ ዘንድ «በክምችት የለም» የሚል ማስታወሻ አለ።

ከእያንዳንዱ መድኃኒት አጠገብ ምንጩንና ቀኑን ጻፉ፣ የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ አቆጣጠር ሳትለዩ አትለፉ። በአንድ ካርድ ላይ ሁለቱም ሲቀላቀሉ የሦስት ሳምንት ማዘዣ የወራት መስሎ ይነበባል።

ሁለተኛ፦ ፌስታሉ ይምጣ

አስታማሚውን «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለቀበትንም ባዶ ስትሪፕ ጭምር፣ አምጡልኝ» በሉት። «የልብ መድኃኒቷን አምጣ» ካላችሁት የጉልበት ማስታገሻውን ቤት ትቶት ይመጣል፤ እሱ በልቡ የልብ መድኃኒት አይደለም። ቤቱ ሩቅ ከሆነ ስልክ ደውሎ የሚመጣ ዘመድ እንዲይዘው ይጠይቅ። ማስታወሻው ፌስታሉን እየጠበቀ አይቆይም። የዓለም ጤና ድርጅት «ሃይ ፋይቭስ» የተባለው ፕሮጀክት ያስቀመጠው የ24 ሰዓት ገደብ ነው። በገደቡ ውስጥ ያላችሁን ጽፋችሁ «መድኃኒቶቹ ገና አልታዩም» በሉ፣ ሲመጣ በቀንና በሰዓት ተጨማሪ ጻፉበት።

ሦስተኛ፦ ጥያቄው

አብዛኛው ልዩነት የሚጠፋው እዚህ ነው። «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ «አዎ» የሚል መልስ መጠየቅ ነው። እናቶቻችን ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ፊት «አልወሰድኩም» ማለት ይከብዳቸዋል። ይሉኝታ አለ፣ ቁጣም ይፈራሉ። ብዙዎቹን ከዚህ በፊት ተቆጥተዋቸዋል።

ስለዚህ ያለፈውን ቀን እንዲያወሩ አድርጉ። በኛ ምሳሌ ውይይቱ እንዲህ ሄደ፦

«እማማ፣ ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ ምን ምን መድኃኒት ዋጡ?»

«ጠዋት ምን እውጣለሁ ልጄ፣ ጾም አይደለም? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ከቀመስኩ በኋላ እውጣለሁ።»

«ከዚህ ከዘረጋሁት ውስጥ የትኞቹን ነው?»

ሁለቱን ለዩ፣ ፉሮሴማይድና ስፓይሮኖላክቶን።

«ማታስ?»

«ማታ ይህችን የሽንቷን ከዋጥኩማ ሌሊቱን ስወጣ ስገባ ነው የማድረው። የመንዝ ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ።»

«ጾም ሳይገባ እንዴት ነበር?»

«ያኔማ ጠዋትና ቀትር ነበር።»

«ይህችኛዋስ?» ኢናላፕሪሉን እያሳየ።

«እሷን ትቻታለሁ። ጉሮሮዬን እየከረከረች ደረቅ ሳል አስያዘችኝ። ከአስተርዮ ማርያም ወዲህ አልነካኋትም።»

«ከተዉ በኋላ ሳሉ ምን ሆነ?»

«ሁለት ሳምንትም አልቆየ፣ ለቀቀኝ።»

እዚህ ላይ ጠያቂው ያደረገውን ልብ በሉ። መድኃኒቱን ዘርግቶ አሳይቷል፣ ምክንያቱም በስም የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ጾሙን በተናጠል ጠይቋል፣ ከጾም በፊት የነበረውንም ለይቷል። መልሱ የመጣው በበዓል ስም ሲሆን አልተቸገረም፤ አስተርዮ ማርያም ጥር 21 ናት። ለገጠር ታካሚ «ስንት ሳምንት ሆነው?» ከማለት «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?» ማለት ይበልጥ ትክክለኛ ቀን ያስገኛል።

ሰዓትንም በዚሁ ጥንቃቄ ያዙ። እናትየዋ «ዘጠኝ ሰዓት» ያሉት ከቀኑ ዘጠኝ ነው፤ ነርሷ በፈረንጅ ሰዓት ካነበበችው የጠዋት መድኃኒት ይሆናል። ማስታወሻው ላይ «ከሰዓት በኋላ፣ 15:00» ብላችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ አይታለፉ። አንደኛው ያለ ማዘዣ የተገዛ መድኃኒት ነው፦ «ለራስ ምታት፣ ለወገብ፣ ለጉልበት ከመድኃኒት ቤት የገዙት አለ?» ሁለተኛው የአገር መድኃኒት ነው፦ ዳማከሴም ይሁን ጥቁር አዝሙድ፣ ከሌላ የተቀመመም ይሁን፣ ስሙና የተወሰደበት ቀን ይጻፍ። ሦስተኛው ጸበል ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ሰንብተው የመጡ ከሆነ የሚጠየቀው መጠመቃቸው ሳይሆን እዚያ በቆዩባቸው ቀናት መድኃኒቱን ይዘው ሄደው እንደሆነና ወስደውት እንደሆነ ነው። ጥያቄው በአክብሮትና በቀጥታ ከቀረበ ሰው አይደብቅም።

የኛ ታካሚ የመለሱት የመጀመሪያውን ነው። ከመጋቢት አቦ ወዲህ ጉልበታቸውን አሟቸው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም ተገዝቶላቸዋል። ስለ ሜቶፕሮሎሉ ሲጠየቁ ደግሞ «እሱ እኮ የለም ተባልኩ። ውጭ ግዙ አሉን፣ ልጄ ዋጋውን ጠይቆ ተመለሰ» አሉ።

ታካሚው መናገር የማይችል ከሆነ መድኃኒቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቁና እሱን አነጋግሩ። አልጋው አጠገብ የተቀመጠው ዘመድ ከአዲስ አበባ ትናንት የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። ማን እንደተናገረ ካልተጻፈ ቃሉ ክብደቱ አይታወቅም።

አራተኛ፦ ቁጠሩ

ፌስታሉ ሲመጣ ፍሬዎቹን ቁጠሩ። ቆጠራው ታካሚዋን ለመፈተን ሳይሆን ቃላቸውን በቁጥር ለመደገፍ ነው። በኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን በስተቀር ወር ሁሉ 30 ቀን መሆኑ ስሌቱን ያቀለዋል።

ከየካቲት 10 እስከ መጋቢት 19 ማታ 40 ቀን ነው። ፉሮሴማይድ 120 ፍሬ ተሰጥቷል። እንደታዘዘው ቢወሰድ 80 አልቆ 40 ይቀር ነበር። የተገኘው 73 ነው፤ ስለዚህ 47 ተወስዷል። ጾሙ የገባው የካቲት 17 ነበር። ከዚያ በፊት ባሉት 7 ቀናት በቀን ሁለት ሁለት ሲሆን 14፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት 33 ቀናት አንድ አንድ ሲሆን 33፣ ድምሩ 47 ይመጣል። የእናትየዋ ቃልና ቁጥሩ በትክክል ገጠሙ። ቀሪው 80 ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም አንድ አንድ ብቻ ይወስዱ ነበር ማለት ነው፤ ጾሙ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም ነበር፣ ተመልሶ መጠየቅም ያስፈልግ ነበር።

ስፓይሮኖላክቶን 60 ተሰጥቶ 20 ቀርቷል። 40 ቀን፣ 40 ፍሬ። ይህን አንዱን መድኃኒት ቀን ሳያሳልፉ ወስደዋል። «መድኃኒት አቋርጠዋል» የምትለው መስመር ምን ያህል እንደምታሳስት እዚህ ላይ ይታያል።

ኢናላፕሪሉ ከየካቲት የተሰጠው 120 ፍሬ እንዳለ አልተነካም። ከታኅሣሥ 10 ከተሰጠው 120 ደግሞ 40 ተርፏል። 80 ፍሬ በቀን ሁለት ሲሆን 40 ቀን ነው፣ እስከ ጥር 19 ያደርሳል። «ከአስተርዮ ማርያም ወዲህ» ካሉት ጋር የሁለት ቀን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ የካቲት 10 ክትትል ላይ ሲታዘዝላቸው ካቆሙ 3 ሳምንት ገደማ ሆኗቸው ነበር፣ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ሜቶፕሮሎሉ ታኅሣሥ 10 የተሰጠው 60 ፍሬ የካቲት 9 አልቋል፣ ከዚያ ወዲህ 40 ቀን ያለ እሱ ቆይተዋል። ዳይክሎፌናኩ ሁለት ባዶ ስትሪፕና አራት ፍሬ የቀረበት አንድ ስትሪፕ ነው፣ ባለ 10 ፍሬ። በ15 ቀን 26 ፍሬ ተወስዷል።

ቆጠራ የሚያሳስትባቸው መንገዶች አሉ። የሦስት ጊዜ ማዘዣ በአንድ ብልቃጥ ተቀላቅሎ ሊመጣ ይችላል። ጎረቤት ተበድሮ ሊሆን ይችላል። ከፊሉ በልጅ ቤት ተቀምጦ ይሆናል። ባዶ ስትሪፕም ተዋጠ ማለት አይደለም፣ ከስትሪፑ ወጣ ማለት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከቃሉ ካልገጠመ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትሰርዙ። ሁለቱንም ጻፉ፣ «አልገጠመም» በሉ፣ የትኛውን ተመርኩዛችሁ እንደወሰናችሁና ለምን እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ።

አምስተኛ፦ ለእያንዳንዱ ልዩነት ምክንያቱን ለብቻው ስጡት

አሁን አራት ልዩነቶች አሉን፣ አራቱም ምክንያታቸው ይለያያል። ፉሮሴማይዱ ከጾምና ከሌሊት ሽንት ጋር ተያይዞ በግማሽ ቀንሷል። ኢናላፕሪሉ በጎንዮሽ ጉዳት ቆሟል። ሜቶፕሮሎሉ በክምችት ማጣትና በዋጋ ቀርቷል። ዳይክሎፌናኩ ማንም ሳያዝዘው ተጨምሯል። ሁሉም አንድ ላይ «ክትትል ጎደለ» ተብለው ቢጻፉ መፍትሔያቸውም አንድ፣ «ምክር ተሰጥቷቸዋል»፣ ይሆንና ሰሚ በሌለው ምክር ይቀራል። ሳል ያስያዛቸውን ሰው ምክር አያድነውም፣ የሚያድነው መድኃኒቱን መቀየር ነው። ዋጋ ያቃተውን ሰው ስለ መድኃኒቱ ጥቅም ማስረዳት ፍሬ የለውም።

ምክንያቱን በተቻለ መጠን በራሳቸው ቃል ጻፉት። «ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ስተወው በሁለት ሳምንት ለቀቀኝ» የሚለው ለሐኪሙ ከ«የጎንዮሽ ጉዳት» የበለጠ ይነግረዋል፤ ደረቅ መሆኑን፣ መቼ እንደጠፋ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ያለውን የጊዜ ግንኙነት ይሰጠዋል። ይህን ማጣራት ያስፈለገው የልብ ድካም ራሱ ስለሚያስል ነው። የአሁኑ ሳላቸው ሲጋደሙ የሚብስና አረፋ ያለው አክታ ያለበት ነው፣ የያኔው ሌላ ነበር። ሁለቱ ተለይተው ካልተጻፉ ነገ አንዱ ሐኪም «ሳሉ ከኢናላፕሪል አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል።

ፍርድ የሚሰጡ ቃላትን ተዉ። «እምቢተኛ»፣ «ግዴለሽ»፣ «አይሰሙም» የሚሉት ስለ መድኃኒቱ ምንም አይነግሩም። ካርዱ ላይ ግን ይቀራሉ፣ ቀጣዩ ተረኛም እናትየዋን በዚያ ዓይን ያያቸዋል።

ስድስተኛ፦ ልዩነቱን ከዛሬው ውሳኔ ጋር አያይዙት

ማስታወሻው የሚጠቅመው እዚህ ሲደርስ ነው። እያንዳንዱ ልዩነት አንድ ጥያቄ ያስከትላል፦ ይህን ባናውቅ ኖሮ ዛሬ ምን እናደርግ ነበር?

ፉሮሴማይድን እንውሰድ። በደም ሥር የሚሰጠው የመጀመሪያ መጠን በተለምዶ ታካሚው በአፍ ከሚወስደው የቀን ድምር ተነሥቶ፣ ከ1 እስከ 2 እጥፍ ነው የሚሰላው። ማዘዣውን ብቻ ያየ ሐኪም የቀን ድምሩን 80 ሚሊ ግራም ብሎ ይነሣል። ከዚያም በላይ «በ80 ላይ ሆነው አበጡ» ብሎ መድኃኒቱ አልሠራም ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳል፣ ወደ ቤት ሲመለሱም መጠኑን ይጨምራል። እውነተኛው የቀን ድምር ግን 40 ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ለማለት ገና ማስረጃ የለም፣ በታዘዘው መጠን አልተወሰደምና። ኩላሊታቸው በተጎዳበት ቀን ከ40 መነሣትና ሽንቱን እየለኩ መጨመር ይህን ማወቅ ይፈልጋል።

ሜቶፕሮሎል የበለጠ ያስፈራል። ያለማቋረጥ ሲወስድ የነበረ ታካሚ በልብ ድካም ሲገባ ሾክ ወይም የደም ግፊት መውደቅ እስከሌለ ድረስ ብዙውን ጊዜ ይቀጥልለታል። 40 ቀን ያልወሰደ ሰው ግን እንደ አዲስ ጀማሪ ነው የሚታየው። ፈሳሽ በሳንባቸው ላይ እያለ 100 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ መስጠት የልባቸውን ጉልበት ነሥቶ ግፊታቸውን ሊጥል ይችላል። ትክክለኛው ፈሳሹ እስኪቀንስ መጠበቅ፣ ከዚያ ከመውጣታቸው በፊት ከ12.5 ወይም ከ25 ሚሊ ግራም መጀመር፣ በክትትል ደረጃ በደረጃ መጨመር ነው። ማዘዣውን እንዳለ መገልበጥ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በዚህ መድኃኒት ላይ ነው።

ኢናላፕሪሉ አይመለስም፣ ምትኩ ሎሳርታን ይሆናል። ግን ዛሬ አይደለም። ክሬያቲኒኑ ከ0.9 ወደ 1.5 በወጣበትና ፖታሲየሙ 5.3 በሆነበት ቀን መጀመር አደጋ አለው፤ ዳይክሎፌናኩ ቆሞ ምርመራው ሲደገም ይታያል። ኢናላፕሪሉ ካርዱ ላይ የአለርጂ ቦታ እንዳይጻፍም ተጠንቀቁ። ሳል አለመስማማት ነው፣ አለርጂ አይደለም። ፊት ወይም ከንፈር አብጦባቸው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር፣ ስለዚህ ይህንንም ጠይቃችሁ «እብጠት አልነበረም» ብላችሁ ጻፉ።

ስፓይሮኖላክቶን ምንም ልዩነት ያልታየበት መድኃኒት ነው፣ ዛሬ ግን ለጊዜው እንዳይሰጥ የሚደረገው እሱ ነው። ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊቱም ደክሟል። በቤታቸው በትክክል ስለወሰዱት ብቻ ይቀጥላል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲደረግ ታስቦበት መሆኑ ካልተጻፈ የሌሊቱ ተረኛ «ተረስቷል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

ዳይክሎፌናክ ይቆማል። ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደምም ይቀንሳል። ከሽንት መድኃኒት ጋር ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። እግራቸው ማበጥ የጀመረው መጋቢት 10 ገደማ ነው ይላሉ፤ ዳይክሎፌናኩ ከተጀመረ አምስተኛው ቀን አካባቢ መሆኑ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሊጻፍ ይገባዋል፣ ግን «ምክንያቱ ይህ ነው» ተብሎ ሳይሆን «ሊያባብስ የሚችል» ተብሎ ነው። የሜቶፕሮሎሉ መቅረትና የፉሮሴማይዱ መቀነስም አብረው አሉና። የጉልበታቸው ሕመም ደግሞ አሁንም አለ። ምትኩን፣ ለምሳሌ ፓራሲታሞልን፣ ካልጻፋችሁ ቤት ሲመለሱ ዳይክሎፌናኩን እንደገና ይገዙታል።

ሰባተኛ፦ ማስታወሻው ሲጻፍ

ለእያንዳንዱ መድኃኒት አራት ነገር በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይጻፍ፦ የታዘዘው ከነምንጩ፣ በተግባር የተወሰደው፣ የልዩነቱ ምክንያት፣ የዛሬው ሐሳብ። ፋርማሲስቱ የሚጽፈው ሐሳብ ነው፣ ትእዛዙን የሚሰጠው ሐኪሙ ነው። ናሙናው ይኸውና፦

> መጋቢት 20፣ 11:30 (በፈረንጅ ሰዓት)። የመረጃ ምንጭ፦ ታካሚዋ ራሳቸው፣ መድኃኒቱን የሚያመጣላቸው ወንድ ልጃቸው፣ የክትትል ካርድና የፋርማሲ መዝገብ (የካቲት 10)፣ ከቤት የመጡ መድኃኒቶች ተቆጥረው። የታካሚዋ ቃልና ቆጠራው ይገጥማሉ።
>
> 1. ፉሮሴማይድ። የታዘዘ፦ 40 ሚ.ግ በቀን 2 ጊዜ። የተወሰደ፦ ከየካቲት 17 ጀምሮ 40 ሚ.ግ በቀን 1 ጊዜ፣ 15:00 ላይ (ከ120 ቀሪ 73)። ምክንያት፦ እስከ 15:00 ይጾማሉ፤ ማታ ሲወስዱ ሌሊት ለሽንት ስለሚወጡ ትተውታል። ሐሳብ፦ የደም ሥር መጠን ከ40 ሚ.ግ የቀን ድምር ተነሥቶ ይሰላ። በ80 ሚ.ግ አልሠራም ለማለት አይቻልም።
>
> 2. ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት። የታዘዘ፦ 100 ሚ.ግ በቀን 1 ጊዜ። የተወሰደ፦ ከየካቲት 10 ጀምሮ ምንም። ምክንያት፦ በክምችት አልነበረም፣ ከውጭ ለመግዛት ዋጋው አልተቻለም። ሐሳብ፦ ዛሬ በ100 ሚ.ግ አይጀመር። ፈሳሹ ሲቀንስ በዝቅተኛ መጠን እንደ አዲስ ይጀመር። መኖሩ ከፋርማሲ ይጣራ።
>
> 3. ኢናላፕሪል። የታዘዘ፦ 10 ሚ.ግ በቀን 2 ጊዜ። የተወሰደ፦ ከጥር 20 ገደማ ጀምሮ ምንም። ምክንያት፦ ደረቅ ሳል፣ ከቆመ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፍቷል። የፊትም የከንፈርም እብጠት አልነበረም። ሐሳብ፦ አይመለስ። ክሬያቲኒንና ፖታሲየም ሲሻሻሉ ሎሳርታን ይታሰብ።
>
> 4. ስፓይሮኖላክቶን። የታዘዘ፦ 25 ሚ.ግ በቀን 1 ጊዜ። የተወሰደ፦ እንደታዘዘው። ልዩነት የለም። ሐሳብ፦ ፖታሲየም 5.3፣ ክሬያቲኒን 1.5 ስለሆነ ሆን ተብሎ ለጊዜው አይሰጥ፤ ነገ ምርመራው ይደገም።
>
> 5. ዳይክሎፌናክ (ያልታዘዘ)። ከመጋቢት 5 ጀምሮ 50 ሚ.ግ፣ በ15 ቀን 26 ፍሬ፣ ለጉልበት ሕመም። ሐሳብ፦ ይቁም። የልብ ድካሙንና ኩላሊቱን ሊያባብስ የሚችል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል።
>
> የአገር መድኃኒት፦ አልወሰዱም። ጸበል፦ በዚህ ጊዜ አልሄዱም። ተራ ቁጥር 2 እና 4 ለተረኛው ሐኪም በቃል ተነግሯል፣ 11:50።

የመጨረሻዋ መስመር እንዳትቀር። ካርድ ውስጥ የተጻፈ ሁሉ ይነበባል ማለት አይደለም። ዛሬ ሊጎዳ የሚችል ልዩነት ሲገኝ ሄዶ መናገር፣ ለማን በስንት ሰዓት እንደተነገረም መጻፍ ያስፈልጋል። ሁሉንም አምስቱን ከነገራችሁት የሚያስቸኩሉት ሁለቱ ይጠፉበታል፣ ስለዚህ ምረጡ።

በማግስቱ

ምርመራው ሲመለስ ማስታወሻውን ክፈቱ። ክሬያቲኒኑ ወደ 1.1፣ ፖታሲየሙ ወደ 4.6 ከወረደ ተራ ቁጥር 3 እና 4 ይታደሳሉ፣ ግን ሁለቱ በአንድ ቀን አይጀመሩም፤ ፖታሲየም ቢጨምር ከየትኛው እንደሆነ አይታወቅምና። ሐኪሙ ሐሳባችሁን ካልተቀበለው ያንንም ከነምክንያቱ ጻፉ፤ ልዩነቱ የታወቀና የታሰበበት ይሆናል።

ከመውጣታቸው በፊት የፉሮሴማይዱ ጉዳይ ገና አላለቀም። ፋሲካ ሩቅ ነው፣ እናትየዋም ጾሙን አይተዉትም። የታመመ ሰው በጾም ላይ ስላለው ፈቃድ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ መንገር ይቻላል፣ ውሳኔው ግን የእሳቸው ነው። ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፦ እስከ ፋሲካ የሚያስፈልጋቸው መጠን 15:00 ላይ በአንድ ጊዜ ቢሰጥ ይበቃል ወይ? ሌሊት የሚያስነሣቸው የማታው ፍሬ ስለሆነ ቀደም ማለቱ ይረዳቸዋል። የተወሰነው በቀጠሮ ካርዳቸው ላይ በአማርኛ፣ ልጃቸው በሚያነበው መልክ ይጻፍ፦ «ይህች ነጭ ፍሬ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምግብ በኋላ። ኢናላፕሪል ቀርቷል። ለጉልበት ዳይክሎፌናክ እንዳይገዛ።» ቤት ያለው 160 ፍሬ ኢናላፕሪልም አብሮ ይታሰብበት። ልጃቸው ወደ ፋርማሲ እንዲመልሰው ካልተነገረው፣ ከአዲሱ ሎሳርታን ጎን ያው ፌስታል ውስጥ ይቀመጣል።